ዲቪ ለመሙላት ሁለት መቶ ዶላር የሚጠይቀው ገጽ ምን እየሸጠ ነው?

ስልኩ ላይ «ዲቪ ሎተሪ» ብሎ ጉግል ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው የአሜሪካን መንግሥት ገጽ አይደለም። ከላይ የሚደረደሩት የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ዳር ላይ ማስታወቂያ መሆናቸውን የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ አለ፣ ግን ማን ያየዋል። አንዱን ሲከፍቱት ባንዲራው አለ፣ ንስሩ አለ፣ የነፃነት ሐውልቱም አለ። «ብቁ መሆንዎን በነፃ ይፈትሹ» ይላል። ስም፣ የትውልድ አገር፣ የትምህርት ደረጃ፣ ስልክ ቁጥር ያስሞላና በሁለት ደቂቃ ውስጥ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ብቁ ነዎት!» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሳጥን የካርድ ቁጥር የሚጻፍበት ነው።

ፈተና የተባለው ነገር ፈተና አይደለም። ለዲቪ ብቁ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በዚያ ዓመት በተፈቀደ አገር መወለድ ነው። ሁለተኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ፣ ወይም የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት መሥራት ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ዱባይም ይኑር ሮም፣ «ብቁ ነዎት» ለመባል ማንም አያስፈልገውም።

ከዋጋው እንጀምር። ዲቪ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ እስከተሞላው ዲቪ 2026 ድረስ ምዝገባው ያለምንም ክፍያ ነበር (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሆነው ስቴት ዲፓርትመንት ለእያንዳንዱ ምዝገባ አንድ ዶላር የሚያስከፍል ደንብ አወጣ። አንድ ዶላር፤ እሱም ለአሜሪካ መንግሥት ራሱ የሚከፈል። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው አሻሻጮቹ «ዘንድሮ እኮ ክፍያ ተጀምሯል» የምትለውን ወሬ ይዘው ሁለት መቶ ዶላር ለመጠየቅ ስለሚመቻቸው ነው። በአንዱና በሁለት መቶው መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ወደ ድረ ገጹ ባለቤት ኪስ የሚገባ ነው።

የሚሞላበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፦

```
dvprogram.state.gov
```

አድራሻ ሲነበብ የሚያሳስተው ነገር አለ። የድረ ገጽ ባለቤት የሚታወቀው ከመጀመሪያው ነጠላ መስመር ( / ) በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍል ነው። ስለዚህ ይህ የመንግሥት ገጽ አይደለም፦

```
dvprogram.state.gov.example.com/apply
```

ዓይን `state.gov` የሚለውን ያያል፣ ይረካል፣ ያልፋል። መስመሩ ጋ ደርሶ ወደ ኋላ ሲነበብ ግን ባለቤቱ `example.com` ነው፤ ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ባለቤቱ እንደፈለገ የጻፈው ጌጥ ነው። በ`.gov` የሚያልቅ አድራሻ የሚይዙት የአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ ናቸው። `.org` እና `.com` ግን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይገዛቸዋል፤ `.us`ም ሲታይ የመንግሥት ይመስላል እንጂ አይደለም። አድራሻው ጎን ያለችው የቁልፍ ምልክትም ምንም አታረጋግጥም፤ የሌባ ገጽም ቁልፍ አለው።

ሁለተኛው ምልክት ጊዜ ነው። ምዝገባው በተለመደው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ተከፍቶ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ለምሳሌ ለዲቪ 2026 የተከፈተው ከኦክቶበር 2 እስከ ኖቬምበር 7፣ 2024 ነበር። በ2025 መኸር ግን እንደወትሮው አልተከፈተም፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሙ ለጊዜው እንዲቆም መታዘዙን አስታወቀ። በእነዚህ ወራት ሁሉ «አሁኑኑ ይመዝገቡ፣ የቀረው 48 ሰዓት ነው» የሚል ገጽ ገንዘብ ከተቀበለ የተቀበለው ለሌለ ነገር ነው። መከፈት አለመከፈቱ የሚታወቀው ከዚያው ከ`dvprogram.state.gov` እና ከ`travel.state.gov` ነው፤ ከቴሌግራም ቻናል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ገንዘቡን የወሰደው ምን ሰጠ?» የሚለው ነው። መልሱን ለማየት አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። አልማዝ ከበደ ተሰማ የምንላት ሴት ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ሐምሌ ወር ላይ ፌስቡክ ላይ ባየችው ማስታወቂያ ገብታ 189 ዶላር ከፈለች እንበል። ጥቅሉ «የሦስት ዓመት ምዝገባ፣ የፎቶ ማስተካከያ፣ የባለሙያ ምርመራ» ይላል። ቅጹን ሞላች፣ የፓስፖርቷን ፎቶ ላከች፣ ወዲያው «ማመልከቻዎ ተቀብለናል፣ ቁጥርዎ 48213» የሚል ኢሜይል ደረሳት።

እዚህ ላይ ለስቴት ዲፓርትመንት የተላከ ነገር የለም። ጁላይ ነው፣ በሩ ዝግ ነው። አልማዝ የሞላችው የድርጅቱን የራሱን ቅጽ ነው፤ 48213ም የድርጅቱ የደረሰኝ ቁጥር ነው። እውነተኛው ማረጋገጫ `Confirmation Number` ይባላል። ቅጹ በመንግሥት ገጽ ላይ እንደተላከ ከስም ጋር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት 16 ምልክት ያለው ሆኖ በፕሮግራሙ ዓመት ይጀምራል። የዲቪ 2026 ከሆነ መጀመሪያው 2026 ነው። አምስት አኃዝ የሰጠ ሁሉ ይህን አልሰጠም።

ኦክቶበር ሲደርስ ድርጅቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ምንም አለማድረግ ነው። ይህ ለድርጅቱ ምንም አደጋ የለውም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ቢሞላም አይደርሰውም። ለዲቪ 2025 ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ምዝገባ ገብቶ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ጭምር ተቆጥረው የተመረጡት 131 ሺህ ገደማ ነበሩ። ግንቦት ላይ «አልደረሰዎትም፣ በሚቀጥለው ዓመት እንሞክራለን» ቢባል አልማዝ ምን ትላለች? ንግዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የውድቀት ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ በሆነ ነገር ላይ አገልግሎት ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ዕድልዎን እናሳድጋለን» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ዕጣውን ኮምፒውተር በዘፈቀደ ያወጣል፣ የሚገፋ እጅ የለውም።

ሁለተኛው በእውነት መሙላት ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ አንዳንዴ ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት ያመጣል። የአልማዝን ቅጽ የሚሞላው ሰው በቀን ብዙ መቶ ቅጽ የሚገለብጥ ነው። የልደት ቀኗን መስከረም 1 ቀን 1990 ብላ ነበር የጻፈችው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቷ ነው። እሱ ያለምንም ጥያቄ በፈረንጅ 1990 አድርጎ አስገባው። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 11፣ 1997 ነበር፤ በቅጹ ላይ መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ዓመት ሆኖ 09/11/1997 ተብሎ የሚጻፍ። ሰባት ዓመት የሳተ ልደት ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይገጥም ኢንተርቪው ላይ ጣጣ ያመጣል። በ`Last/Family Name` ደግሞ ከበደ ይግባ ተሰማ እሷን የጠየቃት የለም። ፓስፖርቷ ላይ በ`Surname` ሥር ያለው ተሰማ ሆኖ ሳለ እሱ ከበደ ብሎ አለፈው።

ፎቶውንም ከፓስፖርቱ ቆርጦ ወሰደው። ደንቡ ግን በስድስት ወር ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነው የሚጠይቀው። ካሬ መሆን አለበት፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ፣ መነጽር የሌለበት፣ ጀርባው ነጣ ያለ። ባለፈው ዓመት የተላከውን ፎቶ ደግሞ መላክ ብቻውን ያስወድቃል። የ«ሦስት ዓመት ጥቅል» ሲሸጡላት ግን አንድ ፎቶ ነው የተቀበሏት።

ከሁሉ የከፋው በኢሜይል መስመሩ ላይ የሆነው ነው። ቅጹን የሞላው ሰው ያስገባው የአልማዝን ኢሜይል አይደለም፤ የድርጅቱን ነው። ማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በመንግሥቱ ገጽ ላይ መልሶ ሊያገኘው የሚችልበት መንገድ አለ፤ የፕሮግራሙን ዓመት፣ ስሙን፣ የልደት ቀኑን እና ሲሞላ የተጠቀመበትን ኢሜይል ያስገባል። አልማዝ ስሟ በምን ቅደም ተከተል እንደገባ አታውቅም፣ ልደቷ ተሳስቷል፣ ኢሜይሉ የሰው ነው። ስለዚህ የራሷን ምዝገባ የምታይበት በር የለም። ብዙ ሰው የሚቆጨው ለ189 ዶላሩ ነው፤ በእኛ እይታ ግን ትልቁ ኪሳራ ቁጥሩ በሰው እጅ መቅረቱ ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። የአልማዝ ወንድም በዚያው ኦክቶበር አዲስ አበባ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «እህቴንም ሙላልኝ» አለ። እሱም በቅንነት ነው። አሁን በአንድ ሰው ስም ሁለት ምዝገባ አለ። ደንቡ ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ ከአንድ በላይ ከተገኘ አንዱ ቀርቶ ሌላው አይያዝም፣ ሁሉም ይሰረዛል። ማን ሞላው፣ እሷ ታውቅ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ የለም። (ባልና ሚስት ሁለቱም ብቁ ከሆኑ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም አንድ አንድ መሙላት ይችላሉ፤ እሱ ድግግሞሽ አይባልም።) «ዕድልዎ እንዲጨምር ደጋግመን እንልካለን» የሚል ድርጅት ካለ እንግዲህ ገንዘብ ተቀብሎ እያሰረዘ ነው።

አሁን ምንም እንኳ ስህተት ቢበዛ አልማዝ ደረሳት እንበል። ውጤቱ ሜይ መጀመሪያ ላይ በዚያው በ`dvprogram.state.gov`፣ `Entrant Status Check` በሚለው ሥር ይወጣል። የሚጠይቀው ማረጋገጫ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የተወለዱበትን ዓመት ነው። መንግሥት «ደርሶሃል» ብሎ ደብዳቤ አይልክም፣ ስልክ አይደውልም፣ በኢሜይልም አያበስርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያውቀው ቁጥሩን የያዘው ድርጅት ነው። አልማዝ የሚደወልላት ያኔ ነው፤ «ደርሶሻል፣ ፋይሉን ለመክፈት ሁለት ሺህ ዶላር ያስፈልጋል»። ገንዘብ ከሌላት ሌላ አማራጭ ይቀርብላታል፦ ከማታውቀው ሰው ጋር የወረቀት ጋብቻ ተፈራርማ፣ እሱ ወጪውን ችሎ እንደ ባል አብሯት እንዲሄድ። ይህ ከዲቪው ጋር ብቻ የሚቀር ጥፋት አይደለም። በቪዛ ጉዳይ ሐሰት ያቀረበ ሰው ከአሜሪካ በቋሚነት ሊታገድ ይችላል፤ ኢንተርቪው ላይ የሚቀመጠው ቆንስል ደግሞ ከምዝገባው በኋላ ድንገት ብቅ ያለን ትዳር በተለየ ዓይን ነው የሚያየው።

ዲቪ በእውነት ሲደርስ የሚከፈለውን ማወቅ እዚህ ጋ ይጠቅማል። `DS-260` የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ ክፍያ የለም። ለቪዛው ለእያንዳንዱ ሰው 330 ዶላር ይከፈላል፤ እሱም በኢንተርቪው ቀን ኤምባሲው ውስጥ ባለ ካሸር ነው፣ ደረሰኝ ይሰጥበታል። የጤና ምርመራውን ኤምባሲው ለፈቀደለት ክሊኒክ ይከፍላሉ። ከዚያ በፊት በዌስተርን ዩኒየን፣ በሞባይል ገንዘብ ወይም በግለሰብ የባንክ ሒሳብ «የዲቪ ክፍያ» የጠየቀ ሁሉ የአሜሪካ መንግሥት አይደለም፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ቢኖርም፣ የኤምባሲ ስም ቢጠቀስም። ኬንታኪ ያለው የዲቪ ማዕከል ከደረሳቸው ሰዎች ጋር በኢሜይል የሚጻጻፍበት አጋጣሚ አለ፤ አድራሻው ግን በ`@state.gov` ያልቃል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዲቪ ለመሙላት ሰው መክፈል በራሱ ነውርም ወንጀልም አይደለም። እንግሊዝኛ ለማይቀናው፣ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ነው፤ መንግሥቱም እገዛን አይከለክልም። ልጁና ያ ድረ ገጽ የሚለያዩት ልጁ ጋ አጠገቡ መቀመጥ ስለሚቻል ነው። ቅጹ አሥራ አራት ያህል ጥያቄ ነው፤ ስም፣ ጾታ፣ ልደት፣ የተወለዱበት ከተማና አገር፣ ፎቶ፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ ትምህርት፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከተከፈተ በኋላ 60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ የተሞላው ጠፍቶ ከመጀመሪያ ይጀመራል፣ መሃል ላይ ማስቀመጥ የለም። ተዘጋጅቶ ለሄደ ሰው ሩብ ሰዓትም አይፈጅ።

አጠገቡ ሲቀመጡ ስክሪኑ ላይ የሚታዩ ነገሮች አሉ። አድራሻው ላይ ያለው `dvprogram.state.gov` ነው ወይ? ልደቱ ወደ ፈረንጅ ተቀይሯል ወይ? ስሙ በፓስፖርቱ መሠረት ነው ወይ? ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ልጅ ያለው ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቹን በሙሉ አስገብቷል ወይ? አብረው የማይሄዱትም ቢሆኑ መግባት አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ኢንተርቪው ላይ ጠቅላላ ጉዳዩ ይወድቃል። ኢሜይሉ ላይ ደግሞ የሚሞላው ሰው ሳይሆን የራስዎ መሆኑን ፊደል በፊደል ያንብቡ። `Submit` ሲጫን የሚወጣውን ገጽ ፕሪንት ያስደርጉ፤ ፕሪንተር ከሌለ ስክሪኑን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ። «ቁጥሩ እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ሲወጣ እንደውልልዎታለን» የሚል ካለ የሞላው ለራሱ ነው።

ቀድሞ የከፈለ ሰውስ? ከማስታወቂያው ድርጅት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ 16 ምልክት ያለውን ማረጋገጫ ቁጥርና ቅጹ ላይ የገባውን ስም፣ ልደትና ኢሜይል በትክክል። ምዝገባው ገና ካልተከፈተ እንዲያውም ቀላል ነው፤ ምንም እንዳይልኩ በኢሜይል ይንገራቸው፣ መልሳቸውን ያስቀምጥ፣ ሲከፈት ራሱ ይሙላ። ምዝገባው ክፍት ሆኖ ልከናል ካሉ ግን ቁጥሩን ሳያይ በችኮላ ደግሞ መሙላት ድግግሞሽ ሊፈጥር ይችላል። ቁጥሩን ለመስጠት ካንገራገሩ አልላኩም የሚለው ያመዝናል፣ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ምርጫው ከሁለት መጥፎ አንዱ ይሆናል፣ ያንንም ያመጡት እነሱ ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ መሄጃው የካርዱ ባንክ ነው። «የዲቪ ምዝገባ ከፍዬ አገልግሎቱን አላገኘሁም፣ መንግሥት መስለው ነው የወሰዱት» ብሎ ክፍያው እንዲመረመር ማመልከት ይቻላል፤ የገጹን ስክሪን ሾትና የደረሰኙን ኢሜይል ይዞ መቅረብ ይረዳል። ጊዜ ገደብ ስላለው በሳምንታት ውስጥ ነው የሚደረገው። «የሦስት ዓመት ጥቅል» የገዛ ሰው ካርዱ በሚቀጥለው ዓመትም ሊቆረጥበት ስለሚችል ባንኩ ካርዱን እንዲቀይርለት ይጠይቅ። ከአገር አገር ለሚሠራ የኢንተርኔት ማጭበርበር ጥቆማ የሚቀበለው `econsumer.gov` ነው፤ ገንዘብ አያስመልስም፣ ጥቆማው ግን የብዙ አገር የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ጋ ይደርሳል።

ገንዘቡ ቢቀርም ቁጥሩን መጠየቅ አይተው። የአንድ ዓመት ውጤት ሜይ ላይ ወጥቶ ወዲያው አይጠፋም፤ የፕሮግራሙ ዓመት እስኪያልቅ ይታያል፣ የዲቪ 2026 ለምሳሌ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2026 ድረስ። ሜይ ላይ «አልደረሰህም» የተባለ ሰው ያንን ቁጥር ካገኘ ራሱ አስገብቶ ማየት ይችላል።